ነፍሰ ጡር ሆነሽ መድኃኒት ላይ ካለሽ፦ የቱ ይቀጥላል፣ የቱ ይቀየራል?

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «አርግዣለሁ፤ የምወስደውን መድኃኒት ላቁመው ወይስ ልቀጥል?» አንዳንዴ የምትጠይቀኝ ራሷ እርጉዟ ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ ባሏ ወይም እናቷ ናቸው። ብዙዎቹ ሲጠይቁኝ መድኃኒቱ ከቆመ ቀናት አልፈዋል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ መልሱን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

እዚህ ሁለት ነገር ታገኛለሽ። መጀመሪያ፣ ቤት ውስጥ ከማይጠፉ መድኃኒቶች በእርግዝና የሚወሰዱትና የማይወሰዱት የትኞቹ እንደሆኑ። ከዚያ፣ የቆየ ሕመም ያለባት እናት ስታረግዝ የመድኃኒቱ ጉዳትና ጥቅም እንዴት እንደሚመዘን። ለሁለተኛው የሚጥል በሽታን ምሳሌ አድርጌ እስከ መጨረሻው እሄድበታለሁ። ሚዛኑ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ውሳኔው ግን የአንቺና የሐኪምሽ ነው። ጽሑፉ የሚጠቅምሽ ሐኪምሽ ጋ ስትገቢ ተዘጋጅተሽ እንድትገቢ ነው።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከነማሸጊያቸው
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበት ቀን
- የሕክምና ካርድሽና በቅርቡ ያደረግሽው የምርመራ ውጤት
- የቆየ ሕመምሽን የሚከታተልሽ ሐኪም ስልክ

ደረጃ 1፦ በራስሽ አታቁሚ፤ ዛሬውኑ ደውዪ

ምርመራው እርግዝና መኖሩን ባሳየ ቀን የመጀመሪያው ሥራሽ መድኃኒቱን መጣል ሳይሆን ስልክ ማንሳት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሕመሙ ራሱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የአስም መድኃኒቷን ያቆመች እናት ትንፋሽ ሲያጥራት ለልጁም የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። የደም ግፊት መድኃኒቷን ያቆመች እናት ግፊቷ ካሻቀበ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ፣ የእንግዴ ልጁም ያለጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋት እናት ኢንሱሊን ካቋረጠች በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ ትደርሳለች።

ከዚህ የሚለዩ ጥቂት መድኃኒቶች አሉ። ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን እና ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ሕመም በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ጽንስ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከባድ ነው። እነዚህን ቀጣዩን ፍሬ ሳትውጪ ያዢና በዚያው ቀን ሐኪም አግኚ።

⚠️ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም ጽንስን ይጎዳል። ሆኖም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላት እናት በራሷ ካቆመችው ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። እሱን ሐኪም ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ያውም በአስቸኳይ።

ደረጃ 2፦ የምትወስጂውን ሁሉ ጻፊ

ወረቀቱን በአምስት ዓምድ ክፈይው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚወሰድ፣ እና መጨረሻ የወሰድሽበት ቀን። በስሙ ዓምድ የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስምም ገልብጪ። የንግድ ስም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በተጨማሪም ብዙ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ፣ ሳታውቂ ሁለት እጥፍ ልትወስጂ ትችያለሽ።

ሰዎች ከዝርዝሩ የሚዘሉት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «መድኃኒት» ብለው የማያስቡትን ነው የሚረሱት፦ የሚቀባውን፣ የሚነፋውን፣ የዓይን ጠብታውን፣ በየወሩ የሚወጉትን፣ ቫይታሚኑን፣ ቅጠላ ቅጠሉን። ባለፈው ሳምንት ለወገብ ሕመም አንዴ የዋጥሻትንም ጻፊ። ስለ ባህላዊ መድኃኒት ለመናገር አትፈሪ። በእርግዝና ያልተፈተነ ነገር ብዙ ነው፤ ሐኪሙም ካላወቀ ሊያስብበት አይችልም።

ደረጃ 3፦ ስንት ሳምንትሽ እንደሆነ አስይ

ካለፈው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ዛሬ ያሉትን ቀናት ቁጠሪና ለ7 አካፍይ። 49 ቀን ከሆነ 7 ሳምንትሽ ነው ማለት ነው። ጽንሱ የተፈጠረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ስለሆነ የጽንሱ ትክክለኛ ዕድሜ 5 ሳምንት ይሆናል። የወር አበባሽ የተዛባ ከሆነ ይህ ስሌት ስለማያስተማምን ቀደም ብሎ የሚነሳ አልትራሳውንድ ያስተካክለዋል።

ሳምንቱ የሚያስፈልገው አንድ መድኃኒት በአንዱ ወቅት የማይጎዳ፣ በሌላው የሚጎዳ ሊሆን ስለሚችል ነው።

እስከ 4ኛው ሳምንት ድረስ በጽንሱ ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናውን ያቋርጠዋል፤ ካላቋረጠው ደግሞ ጽንሱ አገግሞ ያድጋል። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ገደማ ልብ፣ አከርካሪ፣ እጅና እግር፣ ከንፈርና ላንቃ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። በአፈጣጠር ላይ ለሚደርስ ጉድለት በጣም የሚያሰጋው ይህ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ አካሉ ቅርጹን ይዟል። ጉዳት ቢመጣ በሥራው ላይ ይመጣል፤ ኩላሊቱ ሽንት ማምረት ያቅተዋል፣ ወይም የአንጎሉ እድገት ይዘገያል። አንጎል እስከ መጨረሻው ቀን የሚያድግ አካል መሆኑን እዚህ ላይ ያዢልኝ፤ ወደ ምሳሌው ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 4፦ የተለመዱትን መድኃኒቶች ለይ

አሁን ዝርዝርሽን ይዘሽ መጀመሪያ ያለ ማዘዣ የሚገዙትንና ለአጭር ጊዜ የሚወሰዱትን ተመልከቺ።

*ሕመምና ትኩሳት።* የመጀመሪያ ምርጫው ፓራሲታሞል ነው። የ500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ አይታለፍም። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ሕመም ካለብሽ ልኩ ያንሳል፤ ጠይቂ። የሚያስታግስሽን ትንሹን መጠን ለአጭር ቀን ውሰጂ። ትኩሳትን ዝም ብሎ መቻል ጥሩ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ኢቡፕሮፌን እና ዳይክሎፌናክ ግን ሌላ ናቸው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ያዳክማሉ። የሽርት ውሃው በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ስለሆነ ኩላሊቱ ሲዳከም ውሃው ይጎድላል። ከ30ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ከጽንሱ ልብ አጠገብ ያለችውን፣ መዘጋት ያለባት ከተወለደ በኋላ የሆነችውን የደም ቱቦ አስቀድመው ሊዘጓት ይችላሉ። ከ20ኛው ሳምንት በፊትም ቢሆን ሐኪም ካላዘዘ ባትወስጃቸው ይሻላል። ሳታውቂ በ6ኛው ሳምንት አንድ ሁለት ፍሬ ውጠሽ ከሆነ ግን አትሸበሪ። ጻፊው፣ ለሐኪሙ ንገሪው፣ አትድገሚው።

አስፕሪንን ከነዚህ ጋር ደባልቀሽ አትጣይው። በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም የሆነው ትንሹ አስፕሪን በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ለሚያሰጋቸው እናቶች ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ሆን ተብሎ ይታዘዛል። ሐኪምሽ አዝዞልሽ ከሆነ ሰው «አስፕሪን ለእርጉዝ አይሆንም» ስላለሽ አታቁሚው።

*ኢንፌክሽን።* አሞክሳሲሊንና ሴፋሌክሲን ለብዙ ዓመታት በእርግዝና ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን ከ4ኛው ወር በኋላ በልጁ ጥርስና አጥንት ላይ ስለሚቀመጡ ይቀራሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሌላ ምርጫ ካለ አይመረጥም። ኮትራይሞክሳዞል ሰውነት ፎሊክ አሲድን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ልጁን ለቢጫ ሕመም ስለሚያጋልጥ ደግሞ በመውለጃው ሰሞን ይሸሻል። ከሁሉ የከፋው ግን ኢንፌክሽኑን ሳይታከሙ መተው ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ያለጊዜው ምጥም ያመጣል። ለብልት ፈንገስ የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል ተዪና ከታች የሚገባውን ክሎትሪማዞል ጠይቂ።

*ቃርና አለርጂ።* ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት የቃር መድኃኒትም ሆነ ኦሜፕራዞል በእርግዝና ይሰጣሉ። ለአለርጂ ሎራታዲን ወይም ሴትሪዚን። ለጉንፋን የሚሸጡ ድብልቅ እንክብሎችን ግን ባትነኪ ይሻላል። አንዳንዶቹ የደም ሥር የሚያጠብ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ለደም ግፊትም አይስማሙም።

ደረጃ 5፦ የቆየ ሕመም መድኃኒትሽን በአራት ጥያቄ መዝኚ

ከዚህ በኋላ «ይጎዳል ወይስ አይጎዳም» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይሠራም። የሚመዘነው መድኃኒቱ ከምንም ጋር ሳይሆን መድኃኒቱ ከሕመሙ ጋር ነው። በዝርዝርሽ ላይ ካለው እያንዳንዱ ቋሚ መድኃኒት ፊት ለፊት የሚከተሉትን መልሺ፤ የማታውቂውን ክፍት ተዪውና ሐኪምሽን ጠይቂ።

1. ባቆመው ሕመሜ ምን ያደርጋል? ምን ያህልስ በፍጥነት?
2. መድኃኒቱ ጽንሱ ላይ ምን ያደርጋል? ምንም መድኃኒት ከማትወስድ እናት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ስንት ነው?
3. አደጋው ያለው በየትኛው ሳምንት ነው? ያ ሳምንት አልፏል ወይስ ገና ነው?
4. ሕመሜን እኩል የሚይዝ፣ ለጽንሱ የሚሻል ሌላ መድኃኒት አለ? ለመቀየርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ያለችው «ሲነጻጸር» በጣም ታስፈልግሻለች። ፍጹም ጤነኛ ከሆኑና ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች እንኳ 2 ወይም 3ቱ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ይኖራቸዋል። ስለ አንድ መድኃኒት ቁጥር ሲነገርሽ ከዚህ መነሻ ጋር አስተያይው።

አራቱ ጥያቄዎች ለተለያዩ ሕመሞች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። የአስም መነፊያዎች፣ ሳልቡታሞልም ሆነ ቡዴሶናይድ፣ ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ስለሆነና ሕመሙ ስለሚያስፈራ ይቀጥላሉ። ለደም ግፊት የሚወሰደው ኢናላፕሪል የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ በተለይ ከ3ኛው ወር በኋላ፣ በሜቲልዶፓ፣ በኒፌዲፒን ወይም በላቤታሎል ይተካል። መተካት ማለት ደግሞ ያኛውን አቁሞ ቀጠሮ መጠበቅ ሳይሆን ያኛው ሲቆም ይሄኛው ወዲያው መጀመሩ ነው።

የታይሮይድ ዕጢዋ ሆርሞን ስለሚያንሳት ታይሮክሲን የምትወስድ እናት ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። የእሷ መድኃኒት እንዲያውም መጨመር አለበት። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ስለሆነ፣ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ከፍ ይላል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥሽን የብረት እንክብል ከታይሮክሲን ጋር አንድ ላይ አትዋጪ። ብረቱ ታይሮክሲኑን ይዞ ስለሚያስቀረው ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቂያቸው።

ደረጃ 6፦ ሙሉ ምሳሌ፤ የሚጥል በሽታ ያለባት እናት

አንዲት የ27 ዓመት ሴት እናስብ። ከ16 ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ቫልፕሮኤት 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ በቀን በድምሩ 1,000 ሚሊግራም ትወስዳለች። መድኃኒቱ ይዞላታል፤ ሁለት ዓመት አልጣላትም። የወር አበባዋ ዘገየና ስትመረመር አርግዛለች። ስታሰላው 7 ሳምንቷ ነው። አራቱን ጥያቄዎች እንመልስላት።

*ብታቆም?* የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገም መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ጥል ሲመጣ የእናቲቱ ኦክስጅን ይወርዳል፣ የጽንሱም እንዲሁ። ወድቃ ሆዷን ልትመታ ትችላለች። እሳት ወይም ውሃ አጠገብ ከሆነች ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ራሷ በሕመሙ ልትሞትም ትችላለች። ስለዚህ የዛሬ ማታዋን ፍሬ ትወስዳለች።

*መድኃኒቱስ?* ከተለመዱት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ለጽንስ ክፉው ቫልፕሮኤት ነው። ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ወደ 10 የሚሆኑት ከባድ የአፈጣጠር ችግር ይኖራቸዋል። ከነዚህ አንዱ የአከርካሪ አለመዘጋት ነው። ቁጥሩ ከመጠኑ ጋር ይወጣል፤ በቀን ከ1,450 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ከ100 ወደ 25 ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ከ100 ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ልጆች በንግግር፣ በመማር ወይም በባሕርይ እድገታቸው ይቸገራሉ። ይሄ ሲወለዱ አይታይም፤ እያደጉ ሲሄዱ ነው የሚታወቀው።

*ሳምንቱስ?* አከርካሪው የሚዘጋው ጽንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ነው። እሷ 7 ሳምንቷ ነው፤ ጽንሱ 35 ቀኑ። ስለዚህ የአከርካሪው ጉዳይ በአንድም በሌላም መንገድ አልቋል። ዛሬ ብታቆም ያንን አትመልሰውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተት ይሠራል። አንዱ ደንግጦ ያቆማል። ሌላው «በቃ አልፏል» ብሎ እንዳለ ይቀጥላል። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽን አስታውሺ፦ አንጎል እስከ መጨረሻው ያድጋል። የልብና የላንቃ ሥራም ገና አላለቀም። ስለዚህ መቀየሩ አሁንም ይጠቅማል፤ የሚቀየረው ግን በሥርዓት ነው።

*ሌላ ምርጫስ?* ሁለት አሉ። ላሞትሪጅንና ሌቬቲራሴታም። በሁለቱም ላይ የታየው የአፈጣጠር ችግር ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት እናቶች ቁጥር ብዙም አይርቅም። ልዩነታቸው ፍጥነት ላይ ነው። ላሞትሪጅን ከትንሽ መጠን ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚጨመረው። ቶሎ ከተጨመረ ቆዳን የሚልጥ አደገኛ ሽፍታ ያመጣል። በዚያ ላይ ቫልፕሮኤት የላሞትሪጅንን መጠን ደም ውስጥ በእጥፍ ገደማ ስለሚያሳድገው፣ ሁለቱ አብረው ባሉበት ጊዜ ይበልጥ ቀስ ይባላል። ሌቬቲራሴታም ግን በቀናት ውስጥ ወደሚሠራው መጠን ይደርሳል። ለ7 ሳምንቷ እናት ጊዜ ስለሌላት ብዙ የነርቭ ሐኪሞች ወደ ሌቬቲራሴታም ያዘነብላሉ። አዲሱ ገብቶ መያዙ ሲታወቅ ቫልፕሮኤቱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

ሁሉም ሰው ላይ ግን አይሳካም። ከቫልፕሮኤት በቀር ምንም የማይዝላቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ ሕመሙን የሚይዘውን ትንሹን መጠን ይፈልጋል፤ በቀን ለብዙ ጊዜ ከፋፍሎም ይሰጠዋል። ይህ መሸነፍ አይደለም፤ ሚዛኑ የሰጠው መልስ ነው።

ታዲያ በዚያ ሳምንት የምታደርገው ምንድን ነው? ቫልፕሮኤቷን እንደታዘዘላት እየወሰደች በዚያው ቀን ለነርቭ ሐኪሟ ትደውላለች። ቀጠሮው ከወር በኋላ ከተባለች «ቫልፕሮኤት ላይ ሆኜ አርግዣለሁ» ብላ በግልጽ ትናገራለች፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ቀጠሮ ያቀርባል። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራም በቀን እንዲታዘዝላት ትጠይቃለች። ፎሊክ አሲድ የቫልፕሮኤትን ጉዳት ሙሉ በሙሉ እንደማያስቀር ግን ታውቃለች። የእርግዝና ክትትሏን ወዲያው ትጀምርና ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አከርካሪውን፣ ልቡንና ፊቱን በዝርዝር የሚያይ አልትራሳውንድ ታስይዛለች።

ይቺው ሴት ከማርገዟ በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይቀል ነበር። ላሞትሪጅንን ያለ ጥድፊያ ጀምራ፣ ቫልፕሮኤቱን አውርዳ፣ ወራት ያለ ጥል መቆየቷን አይታ ታረግዝ ነበር። ፎሊክ አሲዱም ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይጀመር ነበር። ቫልፕሮኤት ላይ ያለሽና ገና ያላረገዝሽ ካለሽ፣ መቀየሩን እስክትጨርሺ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያዢ። ላሞትሪጅን ከጀመርሽ ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የላሞትሪጅንን መጠን እንደሚያወርድ ለሐኪሙ አስታውሺው።

ደረጃ 7፦ መጠኑን በየጊዜው አስለኪ

ትክክለኛው መድኃኒት ተመርጦ ብቻ አያልቅም። በእርግዝና ጊዜ ጉበትና ኩላሊት ከወትሮው ፈጥነው ይሠራሉ፤ የደሙም ብዛት ይጨምራል። ስለዚህ ያው ፍሬ ደም ውስጥ የሚተወው መጠን ይቀንሳል። ላሞትሪጅን በግማሽና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሌቬቲራሴታምም ይወርዳል፣ ያውም ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ። ደህና የነበረች እናት በ5ኛው ወሯ ድንገት ከጣላት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

የደም መጠን ምርመራው ካለ በመጀመሪያው ቀጠሮ አንዴ፣ ከዚያም በየወሩ ገደማ ይለካና መጠኑ ይስተካከላል። ምርመራው ከሌለ ሐኪሙ በሕመሙ ምልክት ይመራል። ስለዚህ ማስታወሻ ያዢ፦ ጥል የመጣበትን ቀን፣ ጠዋት ላይ እጅ የሚያስፈነጥር ድንገተኛ መወራጨት፣ የረሳሽውን ፍሬ፣ ካስመለሰሽ መድኃኒቱን ከዋጥሽ በስንት ደቂቃ እንደሆነ። የጠዋት ማስመለስ ካለብሽ መድኃኒቱን የምትወስጂበትን ሰዓት ስለማዛወር ከሐኪምሽ ጋ ተነጋገሪ።

ከወለድሽ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ሰውነትሽ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ድሮው ስለሚመለስ፣ በእርግዝና የተጨመረው መጠን ይበዛብሻል። ማዞር፣ ሚዛን መሳት፣ ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ከመውለድሽ በፊት የሚቀነስበትን ዕቅድ በጽሑፍ ተቀበይ፤ አራስ ሆነሽ ልታስቢው አትችይም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*በፊደል ደረጃ መመራት።* ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤክስ የሚለውን የድሮ አመዳደብ አሁንም ብዙ ሰው ይፈልገዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2015 ጀምሮ ትቶታል። ሰዎች «ሲ» ከ«ቢ» በላይ ይጎዳል ብለው ያነቡት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ትርጉሙ በቂ መረጃ የለም ማለት ብቻ ነበር። ስለ መጠኑና ስለ ሳምንቱም ምንም አይናገርም።

*በወረቀቱ መደንገጥ።* በብዙ ማሸጊያዎች ውስጥ ያለው ወረቀት «በእርግዝና ጊዜ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ይህ ስለ መድኃኒቱ አደገኛነት አይነግርሽም። ፓራሲታሞልም ላይ አለ፣ ቫልፕሮኤትም ላይ አለ።

*መጠኑን በራስ መቀነስ።* «ግማሹን ልውሰድ፣ ለልጁም ለእኔም ይሁን» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙኛል። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን ሕመሙን የማይይዝ መጠን ጽንሱን ለመድኃኒቱም ለሕመሙም ያጋልጠዋል።

*የሌላ ሰው ተሞክሮ።* እህትሽ ያንኑ መድኃኒት ወስዳ ጤነኛ ልጅ ወልዳ ይሆናል። ከ100 እናቶች 10 ይጎዳባቸዋል ማለት 90 አይጎዳባቸውም ማለት ስለሆነ፣ የእሷ ልጅ ደህና መሆን ስለ አንቺ ልጅ አይናገርም።

*ፎሊክ አሲድን መቀየጥ።* ሕመም ለሌላት እናት በቀን 0.4 ሚሊግራም ይበቃል። ቫልፕሮኤት ለምትወስድ፣ ስኳር ላለባት ወይም ቀደም ሲል የአከርካሪ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች እናት 5 ሚሊግራም ይታዘዛል። ስትገዢ ነጥቧን አይተሽ ግዢ።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ሳትነቂ የተደገመ
- ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የመጣ መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ቢኖርብሽም። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ግፊትሽና ሽንትሽ መታየት አለበት
- የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያም ሕመም
- ላሞትሪጅን ከጀመርሽ በኋላ የወጣ ሽፍታ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ካለው
- ከወደቅሽ በኋላ የመጣ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ
- መድኃኒትሽን ለአንድ ሙሉ ቀን ሆድሽ ውስጥ ማቆየት ያልቻልሽበት ማስመለስ

ስትሄጂ በደረጃ 2 የጻፍሽውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። አብሮሽ የሚኖር ሰውም ወረቀቱ የት እንዳለ ይወቅ፤ ጥል ከመጣብሽ የሚናገርልሽ እሱ ነው።